ሰኞ ሰኞ የሚያም ሆድ

ሰንበቴ የምትገበያየው እሑድ ነው፤ ባቲ ደግሞ ሰኞ። ይህን የማያውቅ አለቃ ሰኞ ጠዋት «ሆዴን ቆርጦኝ ዛሬ አልገባም» የሚል መልእክት ሲደርሰው «አላህ ያሽርህ» ብሎ ያልፋል። የሚያውቀው ግን «ቁርጠቱ የሚብስብህ ኮምቦልቻን ካለፍክ በኋላ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሰው ይታመማል፣ ሰው ይሞታል፣ መንገድም ይዘጋል። አለቃን የሚያጠራጥረው ችግሩ ሳይሆን አነጋገሩ ነው። እውነተኛውን ሕመም እንኳ ውሸት የሚያስመስሉ ቃላት አሉና እስቲ በየተራ እንያቸው።

«ድንገተኛ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው።»
ድንገተኛ ያልሆነውማ የዓመት ፈቃድ ይባላል! «ጉዳይ» ሲሉት ሠርግም ይገባበታል፣ ፍየል መግዛትም ይገባበታል፣ እስከ ረፋድ መተኛትም ይገባበታል። ስም ያልወጣለትን ጉዳይ አለቃው ራሱ ስም ያወጣለታል። የሚያወጣለት ስም ደግሞ ሁሌም «ጫት» ነው።

«ወላሂ አለቃ፣ አሞኝ ነው።»
ወንድሜ፣ ማን ከሰሰህና ትምላለህ? ትኩሳት ያለበት ሰው ብርድ ልብስ ይፈልጋል እንጂ መሐላ አይፈልግም። ሳይጠየቁ መማል «እኔም ብሆን አላምነኝም» ማለት ነው።

«ትናንት ያልደወልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ ነው።»
እኛ ጋ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ማን አጥቶት! ግን ሲጠፋ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚጠፋው። ላንተ ብቻ ጠፍቶ ቴሌግራምህ «ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ገብቶ ነበር» ብሎ ካሳበቀብህ፣ የጠፋው ኔትወርኩ ሳይሆን አንተ ነህ።

«አያቴ አርፋ ነው፤ ጀናዛው ሐሙስ ነው።»
መልእክቱ የተላከው ማክሰኞ ነው። በኛ አገር ጀናዛ መቼ ቀጠሮ ይዞ ያውቃል? ጠዋት ያረፈ ከሰዓት አፈር ይለብሳል፤ ያውም ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ እየተወቀሰ። ደግሞስ ሰው ሁለት ሴት አያት ነው ያለው፤ የአንተ ሦስተኛዋ ናት። የእናትህ አክስት ከሆነች «የእናቴ አክስት ናት፣ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት» በል። የራስህ አያት ከሆነች ደግሞ ምን አስጨነቀህ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአያት ሞት ከነደመወዙ 3 የሥራ ቀን ይሰጥሃል። ሕግ የሰጠህን በተረት አትለምን።

«ወባ ሳይዘኝ አልቀረም።»
ሰንበቴ ቆላ ናት፤ ወባ እዚህ እንግዳ አይደለችም፣ ነዋሪ ናት። ስለዚህ አለቃህ የወባን ወግ ካንተ እኩል ያውቃል። ወባ በግምት አትታወቅም። ጤና ጣቢያ ሄደህ ጣትህን ትወጋለህ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለች ወይም የለችም ትባላለህ። «ሳይዘኝ አልቀረም» ብሎ ሦስት ቀን በተኛ ሰው ወባዋም ሳታፍር አትቀርም።

ያው በሽታ ሲታመን ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። አሁን ጤና ጣቢያ ነኝ፣ ደም ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱን ደውዬ እነግርዎታለሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው።» መሐላ የለ፣ «በጣም በጣም ይቅርታ» የለ። የት እንዳለ አለ፣ ምን እንደሚከተል አለ፣ ቁልፉም አለ። አለቃ ከሁሉ በላይ የሚያምነው ቁልፉን ነው። ሐሰተኛ ሕመምተኛ ስለ ሆዱ ሲተርክ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንደቀረ ይረሳል። በዚያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት አለቃው ራሱ ካላወቀ ወይም ማሳወቁ ካላስቸገረህ በቀር ቢዘገይ በማግስቱ ማሳወቅ፣ ከዚያ የሐኪም ወረቀት ማምጣት ነው። ወረቀቱ የሚናገረውን አንተ በቃል ግጥም አታድርገው።

ለሠራተኛው ይህን ያህል ከተባለ፣ አለቃዬ፣ ወደ እርስዎ እንምጣ። ሠራተኛ ደመወዙ ለምን እንደዘገየ ሊጠይቅ ሲመጣ ጸሐፊዎ የምትለው ምንድን ነው? «ስብሰባ ላይ ናቸው።» የት? አይታወቅም። ከማን ጋር? አይታወቅም። መቼ ያልቃል? አይታወቅም። ደመወዙስ? «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት።» ይኸው! ቀኑ የለ፣ ቦታው የለ፣ ማስረጃው የለ። ሠራተኛው «ድንገተኛ ጉዳይ» ማለትን የተማረው ከየት መሰለዎት? እሱን የሐኪም ወረቀት ሲጠይቁት፣ እርስዎም የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ይዘው ይምጡ!