«ሜትር ከአምስት»፦ ባገለገሉ ዕቃዎች ማስታወቂያ ላይ የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ ሲሆን፣ የመረጃ ምንጮቹ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች የሚሸጡባቸው የቴሌግራም ቻናሎች ናቸው። አጥኚው ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ መረጃ ሰብስቧል። የጥናቱ በጀት የቡፌ መግዣ ነበር። አሁን የለም።

ለናሙና የተመረጠው ማስታወቂያ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «አሪፍ ቡፌ፣ ስፋት 180፣ ጥልቀት 40 ሳንቲ፣ ቁመት 1.5፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ ዋጋ በውስጥ።» አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ በዚህች አንዲት መስመር ውስጥ አራት የመለኪያ ሥርዓቶች ተዛዝለው ይኖራሉ። አንዱ ስም የለውም፤ አንዱ በሳንቲ ሜትር ነው፤ አንዱ በሜትር ነው፤ አራተኛው በሰው ነው።

አጥኚው የሰበሰባቸውን ልኬቶች በመደብ ከፍሏቸዋል። አንደኛው መደብ «ስም የለሽ» ይባላል። 180 ሲባል 180 ምን እንደሆነ አይነገርም፤ ግን 180 ሜትር የሚረዝም ቡፌ ስለሌለ ችግሩ ራሱን በራሱ ይፈታል። የቤት ሽያጩ «140 ካሬ»ም የዚሁ መደብ አባል ነው። ሜትሩ መንገድ ላይ ከቀረ ዘመን የለውም፤ የጠየቀውም የለም። በዚህ ላይ ጊዜ አናጠፋም።

ሁለተኛው መደብ «ሰው» ነው። ሰው በማስታወቂያ ዓለም ርዝመትም፣ ክብደትም፣ ይዘትም ይለካበታል። ሶፋው ስድስት ሰው ያስቀምጣል፣ ቡፌውን ሁለት ሰው ያነሳዋል፣ ድስቱ ሃምሳ ሰው ያበላል። የሚቀመጠው ሰው፣ የሚያነሳው ሰውና የሚበላው ሰው እኩል አለመሆናቸውን ሠርግ የደገሰ ሁሉ ያውቃል። ድስቱ 25 ሊትር ነው ቢባል ኖሮ ስንት ሰው እንደሚያበላ የገዢዋ እናት ከማንም በላይ በነገሩን ነበር።

ሦስተኛው መደብ ሊትርና ኪሎን የሚያጋባ ሲሆን፣ መኖሪያው የማር ማስታወቂያ ነው። «5 ኪሎ ንጹህ ማር፣ በ5 ሊትር ጀሪካን» ይላል። ውኃ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ማር ግን ከውኃ ይከብዳል፣ አንዱ ሊትር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ጀሪካኑ እስከ አንገቱ ከሞላ ውስጡ ያለው ወደ ሰባት ኪሎ ነው፤ እውነት አምስት ኪሎ ከሆነ ደግሞ ማሩ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ላይ ይቆምና የተቀረው አየር ይሆናል። ሻጩ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ የሚታወቀው ጀሪካኑን ብርሃን ላይ አንስቶ በማየት ነው። ዘይት በተቃራኒው ይቀላል፣ አምስት ሊትሩ አምስት ኪሎ አይሞላም። አጥኚው በዚህ መደብ የግል ቂም ስለሌለው ያልፈዋል።

አሁን ወደ አራተኛው እንመጣለን። ቂሙ ያለው እዚህ ነው።

አማርኛ ርዝመት የሚናገርበት የራሱ ውብ መንገድ አለው፤ «ሜትር ከሃያ»፣ «ሜትር ከሰማንያ»። ከ«ከ» በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሳንቲ ሜትር ነው። አናጢውም፣ ፍራሽ ሻጩም፣ መጋረጃ ሰፊዋም እንደዚህ ነው የሚነጋገሩት፤ ተሳስተውም አያውቁም። በዚህ ደንብ «ሜትር ከአምስት» ማለት 105 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክርክር የለውም። በሌላ በኩል ትምህርት ቤት የተማርነው ነጥብ አለ። በነጥቡ ደንብ 1.5 ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህም ክርክር የለውም። ሁለቱ ደንቦች 1.20 ወይም 1.80 ተብሎ ሁለት አኃዝ እስከተጻፈ ድረስ በሰላም ይኖራሉ። ጠቡ የሚጀምረው ሻጩ ዜሮዋን «ምን ትሠራለች» ብሎ የተዋት ዕለት ነው።

አጥኚው ጉዳዩን ሲመረምር አንድ ሕግ ደርሶበታል፦ ከነጥቡ በኋላ አንድ አኃዝ ብቻ ሲቀር፣ በሁለቱ አነባበቦች መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ የዘጠኝ ብዜት ነው። 1.1 ሲሆን 110 ወይም 101 ነው፣ ልዩነቱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር። 1.9 ሲሆን 190 ወይም 109 ነው፣ ልዩነቱ 81። 1.5 ሲሆን 45 ነው። ይህችን 45 አንባቢ በቃሉ ይያዝልኝ።

የጥናቱ ቤት የሳሎን መስኮት አለው፤ ደፉ ከወለል 110 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ቡፌው ከደፉ በታች መግባት ነበረበት። ማስታወቂያው 1.5 ስለሚል አጥኚው በጥንቃቄ ስልክ ደወለ። ያነሳው ደላላው ነበር።

«ቁመቱ በትክክል ስንት ነው?»

«ሜትር ከአምስት ነው ጋሼ።»

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ባለቤቱ 150 ለክቶ 1.5 ብሎ ጻፈ። ደላላው ቡፌውን በሜትር አልነካውም፤ ጽሑፉን አይቶ በጥሩ አማርኛ አነበበው። አጥኚው በዚያው በጥሩ አማርኛ 105 ብሎ ሰማ። ከሦስቱ የዋሸ የለም። ቡፌው በማግስቱ በአይሱዙ መጣ፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው አራት ሰው አወጣው፣ መስኮቱ ሥርም ቆመ። ያቺ 45 እዚህ መጣች፤ ከደፉ በታች አምስት ሊቀረው የነበረው ቡፌ ከደፉ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ወጣ። አሁን የመስኮቱ ክንፍ አይከፈትም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና «ጥላ ያስፈልገን ነበር» አለች።

አጥኚው ከረፈደ በኋላ ምርመራውን ቀጠለ። ፎቶው ስልኩ ላይ አልጠፋም ነበርና ማስመሪያ አስቀመጠበት፤ የቡፌው ስፋት ስድስት ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ አምስት ሆነ። እውነተኛው ስፋት 180 ከሆነ አንዷ የስልክ ሳንቲ ሜትር ሠላሳ ናት፤ አምስት ጊዜ ሠላሳ 150። ቁመቱ 105 ቢሆን ኖሮ ፎቶው ላይ ሦስት ተኩል መውጣት ነበረበት። ፎቶው ከጎን ወይም ከላይ ከተነሳ ይህ ስሌት ይዛባል፤ ይህ ግን ፊት ለፊት የተነሳ ነበር። ከመደወሉ በፊት በማስመሪያና በግማሽ ደቂቃ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር። አጥኚው በዚህ ላይ ሌላ የሚጨምረው የለም።

አምስተኛው መደብ «ፊት» ተብሎ ስለሚሸጠው ፍሪጅ፣ ስድስተኛው ቴሌቪዥን በኢንች ሲሸጥ ኢንቹ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን መሆኑን ሳይነግሩ ለግድግዳው ስፋት ስለሚያስገዙት ነበር። ሰባተኛም ነበር። ሆኖም ሳሎኑ ስለጨለመ አጥኚው ምደባውን እዚህ ላይ አቁሞ ቡፌውን ሊሸጥ ወስኗል።

ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ በሜትር ለክቼ ጻፍኩት። ነጥብ የለበትም፤ ሜትር የሚባል የለበትም፤ ሁሉም ሙሉ ሳንቲ ሜትር ነው፦ «ቡፌ፣ የውጭ ልኩ ስፋት 180 ሳሜ፣ ጥልቀት 40 ሳሜ፣ ቁመት 150 ሳሜ።» ሜትሩን ቡፌው ላይ ዘርግቼ፣ ቁጥሩ እስኪነበብ ቀርቤ ፎቶም አነሳሁ። 105 ብሎ ሊያነበው የሚችል ፍጡር በምድር ላይ እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ደዋይ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወለ። ጨዋ ድምፅ ነበረው።

«ጋሼ፣ ልኩን አይቼዋለሁ፣ በጣም ግልጽ ነው። ስንት ሰው ያነሳዋል?»

«አራት» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «ትልቅ ነው ማለት ነው» ብሎ ዘጋው።