እንኳን ደስ አለዎት፣ 350 ብር ያስገቡ

ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ቸር ቀጣሪ ይጠብቀኛል። በሰፈር ግሩፕ፣ በእድር ግሩፕ፣ አብረውኝ የተማሩ ሰዎች ባሉበት ግሩፕ ሳይቀር «አስቸኳይ የሥራ ማስታወቂያ» ይላል። የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት፣ የትምህርት ደረጃ ከ10ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ፣ ደመወዝ 28,000 ብር፣ የሥራ ቦታ ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ገነት። ከግርጌው «ለሥራ ፈላጊ ወገን ሼር በማድረግ ይተባበሩ» የሚል ልመና አለ። የላኩልኝ ሰዎች ወደ ድርጅቱ አልደወሉም፣ አላጣሩም። ተባብረዋል ብቻ።

እኔም ከዛሬ ጀምሮ መነጫነጩን ትቼ ላመሰግን ወስኛለሁ። የዚህን ቀጣሪ ቸርነት እስቲ ከሌላው ጋር አስተያዩት። ሌላው ቀጣሪ የሥራ ልምድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ዋስ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያም የቃል ፈተና ይጠይቅና «እንደውላለን» ብሎ ይጠፋል። የኛ ሰው ግን የሚጠይቀው 350 ብር ብቻ ነው። መልስ ለመስጠትም ወር አይፈጅበትም። ጎረቤቴ ያለችው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ አያያዝ የተመረቀች ልጅ ማመልከቻዋን በቴሌግራም ልካ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል» ተባለች። ሲቪዋን እንዴት በዚህ ፍጥነት አንብበው ጨረሱት ብዬ ተደነቅኩ። በኋላ ስናየው ለካ ሲቪዋን ያነበበ የለም፤ የላከችው በስህተት የእህቷን የክትባት ካርድ ነው።

የላኩላት ደብዳቤ ደግሞ ውብ ነው። የታወቀ ድርጅት አርማ ከላይ፣ ክብ ማኅተም ከታች፣ ፊርማው እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ። ልጅቷ «ጋሼ፣ ውሸት ቢሆን ማኅተም ይኖረው ነበር?» አለችኝ። ቀኑን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። «ጥቅምት 31» አለችና ዝም አለች። እኔ ግን በዚህም አድናቆቴ አልቀነሰም፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ሆነው ሲኖሩ ለሥራ አጡ አንድ ቀን የጨመረለት መሥሪያ ቤት ማን አለ?

ክፍያውም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ ጨዋነቱ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የቅጽ 350 ብር፣ «ከመጀመሪያ ደመወዝዎ ጋር ተመላሽ የሚሆን»። ያ እንደገባ የጤና ምርመራና የመድን 1,200 ብር። ቀጥሎ የደንብ ልብስ 2,450 ብር፣ የጫማ ቁጥር ከነመጠየቁ። ተደምሮ 4,000 ብር። መጀመሪያውኑ 4,000 አምጪ ቢሏት በሩን ዘግታ ትሮጥ ነበር። ሁለተኛውን የከፈለችው ግን የመጀመሪያው እንዳይቀልጥባት፣ ሦስተኛውን የከፈለችው ሁለቱ እንዳይቀልጡባት ነው። ደግሞ ለ350 ብር ማን ፖሊስ ጣቢያ ይሰለፋል? ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ አስልቶታል።

የሄርማታ ገበያ ሰው በዚህ በኩል ኋላ ቀር ነው። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ እጁን ከጆንያው ከቶ ፍሬውን ሳያይ፣ ሳያሸት ገንዘብ አያወጣም። ደላላው እንኳ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ገዥና ሻጭ ከተስማሙ በኋላ ነው። ይሄ ኋላ ቀርነት እንዲቀር እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ አዲሱ አሠራር ወደ ቡናው ይግባ።

በመኸር ሰሞን ጎማ ወይም ማና አንድ ባለ እርሻ ቡናው ሲቀላ ለቃሚ ይፈልጋል። እስከ ዛሬ ለቃሚዋ ቅርጫቷን ይዛ ትመጣለች፣ ትለቅማለች፣ ማታ በኪሎ ተመዝኖላት ይከፈላታል። ምን ያለ ብክነት! ከእንግዲህ መጀመሪያ የመመዝገቢያ 350 ብር ታስገባ። ከዚያ የጣት ጤና ምርመራ፣ ቀይ ፍሬን ከአረንጓዴ የመለየት ሥልጠና ከነሰርተፍኬቱ፣ የቅርጫት ዋስትና። 400 ለቃሚ ቢመዘገብ ባለ እርሻው አንዲት ፍሬ ሳይነካ ከምዝገባው ብቻ 140,000 ብር አፈሰ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቡናውን ለምን ያስለቅማል? እሸቱ ዛፉ ላይ ይድረቅ፣ የረገፈውን ጦጣ ትልቀመው፤ እሷ ብቻ ናት ሳትመዘገብ ሥራ የጀመረችው። ጎረቤቱ ይህን አይቶ ቡናውን ይነቅልና በየጉድጓዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይተክላል። አጋሮ ያለው የቡና እጥበት ጣቢያ መፈልፈያውን ሸጦ የማኅተም መቅረጫ ይገዛል። ማድረቂያ አልጋዎቹም ሥራ አይፈቱም፤ የአመልካቾች ቅጽ ይሰጣባቸዋል፣ ሴቶችም እኩል እንዲደርቅ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ ያገላብጡታል፣ ለማገላበጥ ከፍለው እርግጥ። የደረቀው ቅጽ በጆንያ ተሞልቶ ለምርት ገበያ ይቀርባል። ቀማሾቹ ደረጃ ያወጡለታል። ሳይጠይቅ የከፈለ አመልካች አንደኛ ደረጃ። «ደረሰኝ አለው?» ብሎ ከፍሎ ዝም ያለ ሁለተኛ። ሁለት ጊዜ ያመነታ አምስተኛ። ወደ ድርጅቱ ቢሮ የደወለ ግን ከደረጃ በታች ነው፣ ለአገር ውስጥ ፍጆታ እንኳ አይሆንም። የባሕር ማዶ ገዥዎች መጥተው ቅጹን በፈላ ውኃ ነክረው ፉት ይላሉ፣ «የተስፋ ቃና አለው፣ መጨረሻው ላይ ግን ይመራል» ብለው ይጽፋሉ። አገሩ በሙሉ ይቀጥራል፤ የሚሠራ የለም፤ ቡና የሚፈላበት ቤት ከተገኘም ለመጠጣት ይመዘገቡበታል።

በዚህ ዕድገት ላይ እንቅፋት የሚሆን አንድ ትንሽ ነገር አለ። ገንዘብ ስትልኩ፣ በባንክ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ከመንካታችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ልጅቷ ስልኳን ሰጥታኝ በ1000 የሚጀምረውን ባለ 13 አኃዝ የንግድ ባንክ ቁጥር እያየሁ አስገባሁት። ደብዳቤው ላይ ያለው አገር ያወቀው ድርጅት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው የአንድ ግለሰብ ስም ከነአባቱ ነው። ሠራተኛ የሚቀጥር ትልቅ መሥሪያ ቤት ሒሳቡን በአንድ ሰው የግል ደብተር የሚይዝ ከሆነ ካዝናው ትራስ ሥር ነው። ልጅቷም ስሙን ሦስቱንም ጊዜ አይታዋለች። «ገንዘብ ያዡ ይሆናል ብዬ ነው» አለች።

የልጅቷ አባት በማግሥቱ ድርጅቱ ጅማ ወዳለው ቅርንጫፍ በእግሩ ሄደ። በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ቢደውል የሚያነሳው ያው ሰውዬ ነበርና ይሄን ማድረጉ ደግ ሆነ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ወረቀቱን ሳይቀበል «አባቴ፣ ዛሬ እርስዎ አራተኛው ነዎት» አለው። ቅርንጫፉ ሰው አልጠራም፣ ቅጽም አልሸጠም።

ሕጉንም ማንሳት ይገባል፣ ለጨዋታ ያህል። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም ይላል። ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱትም ቢሆን በአዋጅ 923/2008 ቪዛውና የአውሮፕላን ትኬቱ የቀጣሪው ነው፤ ተጓዧ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ በሚያወጣው የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ ግርጌ ላይ በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ክፍያ እንደማይጠይቅና የአመልካቾች የባንክ ሒሳብ እንደማይመለከተው ይጽፋል። ስንት የዓለም ጉዳይ እያለበት ይህን ዓረፍተ ነገር በየማስታወቂያው መደጋገሙ በስሙ ስንቱ እንደተበላ ያሳያል።

ከልጅቷ ክፍያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ሳቄን ወስዶታል። «ደመወዝዎን ከሒሳብዎ ጋር እናገናኝ፤ አሁን በስልክዎ የሚገባውን ኮድ ይላኩልን» አሏት። ሰው ገንዘብ ሊያስገባላችሁ የሚያስፈልገው ስማችሁና የሒሳብ ቁጥራችሁ ነው፤ ሌላ ምንም። ኮዱ የሚላከው አንድ ሰው በእናንተ ቁጥር በሌላ ስልክ ላይ ሊገባ ሲሞክር ነው። ኮዱንና የሚስጥር ቁጥሩን የሰጠ ሰው የቤቱን ቁልፍ ከነአድራሻው አስረክቧል። ይሄ ቅጥር አይደለም፤ ሌብነት ነው። ያውም እናቷ ከእቁብ ወስዳ ለልብስ የሰጠቻትን ብር የሚለቅም ሌብነት ነው፣ የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 692 ማታለል ብሎ ስም አውጥቶለታል። ኮዱን አልላከችም፤ ያን ሰዓት ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ቴሌን ሳመሰግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ቸርነቱ ልመለስ። እነዚህ ቀጣሪዎች በእርግጥ የሚቀጥሩት ሰው አለ፤ ሐሰተኞች ናቸው ማለት ስም ማጥፋት ነው። የሥራው መደብ «የፋይናንስ ረዳት» ይባላል፤ ቢሮ የለውም፣ ሰዓት የለውም። ሥራው ከየቦታው ወደ ግል ሒሳቡ የሚገባለትን ብር ቆጥሮ፣ ከመቶ አምስቱን ለራሱ አስቀርቶ ቀሪውን ወደ ተነገረው ቁጥር ማሻገር ነው። አንዳንድ ጊዜ በብሩ የሞባይል ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይልካል። እውነተኛ ድርጅት ብሩን በአንድ ወጣት ሒሳብ በኩል የሚያዞርበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ከሳሽ ሲመጣ የሚገኘው ስም የወጣቱ እንዲሆን። ድርጅቱ እውነተኛ ካልሆነማ ምክንያቱ ያው ነው።

ልጅቷና አባቷ ፖሊስ ጋ ሲያመለክቱ ባንኩ ሒሳቡን አገደው፤ የተረፈበት 60 ብር ነበር። ስክሪኑ ላይ ስሙ የወጣው ባለሒሳብም ተጠርቶ መጣ፤ አጋሮ ያለ የ22 ዓመት ልጅ። ያመለከተው በዚያው ማስታወቂያ ነው፣ 350 ብሩንም ከፍሏል፣ የሹመት ደብዳቤውን በፕላስቲክ አስለብጦ በደረት ኪሱ ይዞ ነው የመጣው። ቀኑ ጥቅምት 31 ይላል። መርማሪው ሥራህ ምንድን ነው ሲለው ቀና ብሎ «የፋይናንስ ረዳት» አለ። ካመለከቱት ሁሉ የተቀጠረው እሱ ብቻ ነው።