«ተሰበረ» እና «ሰበርኩት»፦ ከቦሌ ለቦይንግ

ለቦይንግ ኩባንያ
ለመግለጫ አርቃቂዎች ክፍል
አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ የዐረፍተ ነገሮቻችሁን ባለቤት ስለመፈለግ

ክቡራን ሆይ፣ የምጽፍላችሁ አውሮፕላን ሲነሣ የሻይ ብርጭቆ ከሚንቀጠቀጥበት የቦሌ ጓዳ ነው። እዚህ ብርጭቆ ቶሎ ስለሚወድቅ በአሰባበሩ ሰዋስው እንራቀቃለን። ልጅ «ሰበርኩት» ካለ ቁጣው አጭር ነው። «ተሰበረ» ካለ ግን እናቱ «ማን ሰበረው?» ማለቷ አይቀርም። የእናንተን መግለጫዎች ባነበብሁ ቁጥር የዚያች እናት ድምፅ ይመጣብኛል።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ማክስ ጃቫ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 18፣ ማክስ በሰማይ ከበረረ ከየትኛውም አውሮፕላን በደኅንነቱ እንደማያንስ ጻፋችሁ። ቃል ገባችሁ ማለት ነው። መጋቢት 1፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡38 ላይ የአየር መንገዳችን ማክስ፣ በረራ 302፣ ከቦሌ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ከ157 ሰዎች ጋር መሬት ገባ። መጋቢት 3 ምን አላችሁ? በማክስ ደኅንነት ላይ «ሙሉ እምነት» እንዳላችሁ። በማግስቱ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አውሮፕላኑን ሲያግድ ደግሞ እምነታችሁ እንደ ሞላ ሆኖ፣ ለጥንቃቄ ብቻ እግዱን ራሳችሁም እንደመከራችሁ ነገራችሁን። እምነቱ ሙሉ ከሆነ ጥንቃቄው ከየት ተረፈ? ኢትዮጵያና ቻይና እኮ እናንተን ሳይጠብቁ ቀድመው አቁመውት ነበር።

በመጋቢት 1 ጠዋት የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አንባቢ እንዲከተለን ግን ልድገመው። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። የቀኙ 15 ዲግሪ ያህል ሲል የግራው 74.5 አለ። ኤምካስ ያላችሁት ሶፍትዌር የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ስለነበር፣ የተሳሳተውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፈቀው። ሁለቱ ሴንሰሮች ሲጣሉ አብራሪን የሚያስጠነቅቀው ምልክት በብዙ ማክሶች ላይ እንደማይሠራ እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. ደርሳችሁበት፣ ማስተካከያውን ለ2020 ቀጥራችሁት ነበር። ከጃቫው አደጋ በኋላ የላካችሁት ማስታወቂያ ኤምካስን በስሙ አልጠራውም፤ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች አጥፉ፣ ከዚያ በእጅ አዙሩ ይላል። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አጠፉ። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ነፋሱ የጭራውን ክንፍ ስለሚጫነው መንኰራኵሩ በእጅ ጉልበት አልዞር አለ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስም አብሮ ተመለሰ።

መጋቢት 26 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው እንደፈጸሙ የመጀመሪያውን ሪፖርት ይዘው ተናገሩ። ያን ዕለት ዋና ሥራ አስፈጻሚያችሁ ዴኒስ ሙለንበርግ አደጋውን ማስወገድ የእኛ ኃላፊነት ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ «ሰበርኩት» ለማለት የተቃረባችሁበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። እኔም ልቤ ሊራራ ሲል ሚያዝያ 21 ባለአክሲዮኖቻችሁ ፊት ቆመው፣ አንዳንድ ቦታ ላይ መመሪያው ሙሉ በሙሉ አልተከበረም አሉ። ለሐዘንተኛው «እኛ»፣ ለገንዘብ አውጪው «እነሱ»! አንድ ይቅርታ ለሁለት ታዳሚ ሲቆረጥ የትኛው ወገን ትልቁን ጉርሻ እንደወሰደ ማወቅ አያዳግትም።

የሚገርመው ደግሞ እዚህ ጥላቻ አልገጠማችሁም። አደጋው ወር ሳይሞላው የአየር መንገዳችን የያኔ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተወልደ ገብረማርያም በቦይንግ እናምናለን ብለው ጻፉ። የእናንተ መግለጫ አርቃቂ የሞተውን አብራሪ ሲጠረጥር፣ የአብራሪው አለቃ እናንተን ያጽናና ነበር። ይህን ዘመድነት በምን ሒሳብ እንደመዘገባችሁት ባውቅ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከሟቾች ቤተሰቦች ጋር በፍርድ ቤት ባደረጋችሁት ስምምነት ኃላፊነቱን ተቀበላችሁ፤ ጥፋቱም የአብራሪዎቹ እንዳልሆነ አመናችሁ። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር የፈጀ አንድ ዐረፍተ ነገር! በጠበቆች ቋንቋ፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። «ሙሉ እምነት» ያላችሁት ግን ለዓለም ጋዜጣ ሁሉ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር ከመዝገቡ አውጥታችሁ፣ ባለቤቱን ግልጽ አድርጋችሁ፣ «ሙሉ እምነት»ን ባሰራጫችሁበት ድምፅ ልክ አንብቡልን።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የቦሌ ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ አየር መንገዳችን በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተጨማሪ 20 ማክስ አዝዟችኋል። ደብዳቤዬ ለደንበኛ ወጉ ለስለስ ያለው ስለዚህ ነው። ብርጭቆዎቻችንን ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርገን እየጠበቅን ነው።