ዕቃው ሳይጫን ማን ይንገረን?

እኛ ቀየት ላይ ጃኬትና ብርድ ልብስ የምንቸረችር ሰዎች የምንሸጠው ዕቃ ብዙ እጅ አልፎ ነው የሚደርሰን። አስመጪው ለመርካቶ ጅምላ ሻጭ፣ ጅምላ ሻጩ ለደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን ለእኛ። በየእጁ ላይ ጥቂት እየተጨመረ የመንዝ ገበሬ ለውርጭ የሚለብሰው ጃኬት ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው ከመካከላችን አንዱ ይነሳና «ለምን እኛው አናስመጣም?» ይላል። ሲጠይቅ ደግሞ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ንግድ ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የአስመጪነት ፈቃድ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ያደከመን ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም፣ አንዱ ሲጎድል የትኛው እንደሚወድቅ ማንም አስቀድሞ አለመናገሩ ነው።

ከፈቃዱ ልጀምር። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሰጠን የችርቻሮ ፈቃድ ከውጭ ዕቃ ለማስገባት አያገለግልም። አስመጪነት ራሱን የቻለ ፈቃድ ነው፤ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የሚሰጥ ሲሆን ጉዳዩ በፌዴራሉ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ማመልከቻው አሁን etrade.gov.et ላይ ይሞላል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ይህን ለማድረግ የሞከረ ያውቀዋል። ከሁሉ የሚያስመርረው ግን የፈቃድ መስጫ መደብ የሚባለው ነው። ፈቃዱ «አስመጪ» ብሎ ብቻ አይሰጥም፣ የምን ዕቃ አስመጪ እንደሆንክ ይጠቅሳል። ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ የወጣ ፈቃድ የሶላር ፓኔል አያስገባም። አንዱ ልብስ አስመጪ ሆኖ ሲያበቃ ከልብሱ ጋር ጥቂት የእጅ ባትሪ ካስጫነ ባትሪው ለብቻው ተነጥሎ ይቆማል። መስኮት ላይ የሚነገረውም «ፈቃድዎ ላይ ያለው መደብ ሌላ ነው» የሚል አጭር ቃል ነው። ይህን ቃል ፈቃዱ በወጣ ቀን ብንሰማው ምን ነበረበት?

ለምግብ፣ ለቅባትና ለመዋቢያ ደግሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ለፀረ ተባይ መድኃኒት ከግብርና ባለሥልጣን ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልብስ ከዚህ ነፃ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል፤ አዲስ ልብስ ማለቴ ነው። ሰልባጅ ማስገባት ክልክል ነው፣ ስለዚያ መነጋገርም አያስፈልግም።

የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጠው ባንክ ላይ ነው። የባንክ ፈቃድ የሚወጣው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው። ሻጩ የላከው ፕሮፎርማ፣ ያልተቃጠለ የአስመጪነት ፈቃድ፣ የመለያ ቁጥርና ከአገር ውስጥ መድን ድርጅት የተገዛ የጉዞ ኢንሹራንስ ተይዞ ይቀርባል፤ ባንኩ ክፍያው በኤልሲ ይሁን በሲኤዲ ተስማምቶ ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር ነው በኋላ ጉምሩክ ላይ ዲክላራሲዮኑ የሚታሰረው። እኛ አገር ግን የሚሆነው ግልባጩ ነው። ዱባይ ያለ ዘመድ «እኔ ከፍዬ አስጭኜልሃለሁ፣ አንተ እዚያ ተቀበል» ብሎ ይደውላል። ውለታ ነው፣ በቅንነት ነው። በውጭ ያለ ሰው ከፍሎት ያለ ባንክ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ፍራንኮ ቫሉታ ይባላል፤ ሕጉ ለዘረዘራቸው ካልሆነ በስተቀር ለተራ የንግድ ዕቃ የተከፈተ በር አይደለም። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ የባንክ ቁጥር ይጠየቃል፣ የለም። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ትራንዚተሩ ይደውላል፣ ባንኩ «ከተጫነ በኋላ ምን ላድርግልህ» ይላል። ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ቢነገር የሚቀር ነበር፦ የባንክ ፈቃዱ ሳይወጣ አታስጭን።

ሌላው ድካማችን ቀረጡን አስቀድሞ አለማወቅ ነው። ሰው «ጉምሩኩ 35 በመቶ ነው» ሲባል ሠላሳ አምስቱን ይዞ ይሄዳል። ስሌቱ ግን አንዱ በአንዱ ላይ የሚጫን ነው። ኢንሹራንስና ማጓጓዣው ተጨምሮበት 100 ብር የሚያወጣ ጃኬት እንውሰድ። ጉምሩኩ 35 ብር። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሲሆን የሚሰላው ከ135ቱ ላይ ነው፣ 20 ብር ከ25 ሳንቲም። ሱር ታክሱ 10 በመቶ ነው፤ እሱ ደግሞ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከመጣው 155 ብር ከ25 ሳንቲም ይሰላል፣ 15 ብር ከ52 ሳንቲም። በመጨረሻ ከመነሻው 100 ብር ላይ 3 ብር የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ፣ 3 ብር ደግሞ በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር። ድምሩ 76 ብር ከ77 ሳንቲም ነው። ለ100 ብር ዕቃ 35 ብር ይዞ የሄደ ነጋዴ ግማሹን እንኳ አልያዘም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲተው ደግሞ ይህ ሂሳብ በብር በእጅጉ አደገ። ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ቀረጡ የሚሰላው በዶላር የተገለጸው ዋጋ ወደ ብር ተለውጦ ነውና፣ ያው አንድ ጃኬት ከበፊቱ እጅግ የበዛ ቀረጥ ይጠየቅበታል። የዚያን ቀን መመሪያ በበጎ የማነሳው አንድ ነገር አለው፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ምንዛሪ የተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ክልከላ ተነስቷል። የብሩን ክብደት ግን ትንሹ ነጋዴ ነው የተሸከመው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? የሌላ ሰው ፈቃድ ይከራያል። በአካባቢያችን የተለመደ መንገድ ነው፣ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። የንግድ ፈቃድ ማከራየት በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ ክልክልነቱን ብንተወው እንኳ ዲክላራሲዮኑ የሚወጣው በባለፈቃዱ ስም ነው። ከላይ ያልኳቸው 3 ብር የቅድሚያ ግብርና 20 ብር ከ25 ሳንቲም ተጨማሪ እሴት ታክስ በኋላ ከሂሳብ ላይ የሚቀነሱት ለእሱ ነው። ገንዘቡን የከፈለው የቀየቱ ነጋዴ ነው፣ ደረሰኙ ግን የሌላ ነው። ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ የገዛበትን ማሳየት ስለማይችል በግምት ይጣልበታል፤ በአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

እኛ ቀረጥ ይቅርልን አላልንም። የምንለምነው ወረዳችን የአስመጪነት ነገር ሲጠየቅ አምስት ወረቀት ቆጥሮ ከመሸኘት ይልቅ ሦስት ነገር እንዲጠይቀን ነው፦ ዕቃው ምንድን ነው፣ መደቡ ተመርምሯል ወይ፣ ሻጩ ፕሮፎርማ ልኮ ባንክ ገብቷል ወይ። በተጨማሪም ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ ጀምሮ እንደሚታደስና ለማደስ የግብር ክሊራንስ እንደሚጠየቅ ይንገረን። ዕቃው ባሕር ላይ እያለ የእድሳት ጊዜው ያለፈበት ነጋዴ ሞጆ ደርሶ ፈቃዱ የተቃጠለ መሆኑን የሚሰማው ከትራንዚተሩ ነው፤ ያንን ለማስተካከል ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን እንደ አዲስ ይጀምራል፣ የመጋዘኑም ኪራይ እየቆጠረ።