አሥር ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት

ደብረ ብርሃን፣ የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ ነበርን። ወጡ ቀርቦ ሽማግሌዎቹ መርቀው ሳይጨርሱ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረኝ። መልእክቱ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ሰብስክራይበር በ10,000 ቀንሷል።»

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ላለ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ቁጥሮቹን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። ቻናሉ 1.24 ሚሊዮን ሰብስክራይበር ነበረው። ማንቂያውን የተከለው ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያ ነው። በየሰዓቱ ቁጥሩን ከዩቲዩብ ይጠይቃል፣ ካለፈው ጋር ያስተያያል፣ ልዩነቱ ከ5,000 ከበለጠ ለእኔም ለሥራ አስኪያጁም በአንድ ጊዜ ይልካል። ለምን እንደቀነሰ አይጠይቅም። የሚያስተያየው ቁጥር ራሱ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነም አያውቅም።

ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። የድግሱን ድንኳን ለቅቄ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«አይተኸዋል?»

«አሁን አየሁት፣ ጋሼ።»

«የትናንት ማታው ነው። ስለ ቤት ኪራይ ያደረገችው ቃለ ምልልስ። አከራዮቹን አስቆጥታ አሥር ሺህ ሰው አባረረችብን። ፕሮግራሙ ከነገ ጀምሮ ይቁም ብያለሁ።»

አዘጋጇ ለዚያ ቃለ ምልልስ ሰፈር ለሰፈር ዞራ ተከራዮችን ስታነጋግር እንደከረመች አውቃለሁ። በሥራዋ የሚያስወቅስ ነገር አልነበረም። «ጋሼ፣ እባክዎ ለማንም ከመናገርዎ በፊት ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸውና ኔትወርክ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሄድኩ። ከብዙ መጉላላት በኋላ ስቱዲዮው ተከፈተልኝ።

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ማለት የቻናሉ ባለቤትና እሱ የፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ የሚያዩት የውስጥ ገጽ ነው። እዚያ የሰብስክራይበሩ ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ይታያል። የዚያን ቀን 1,239,978 ይላል። ማታ ማታ ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ ልማዴ ስለነበር የዋዜማውን አስታውሰዋለሁ፤ 1,240,041 ነበር። የሄዱት ሰዎች፣ ከመጡት ጋር ተቀናንሰው፣ ስልሳ ሦስት ናቸው።

ታዲያ አሥር ሺሁ ከየት መጣ? ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ዩቲዩብ ለውጭ ተመልካች ሙሉውን ቁጥር አያሳይም። ከአንድ ሺህ በላይ ለሆነ ቻናል የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሃዞች ብቻ ይሰጥና ቀሪውን ዜሮ ያደርገዋል፤ ሁልጊዜም ወደ ታች እየቆረጠ ነው። ፕሮግራም ጽፈው በ`subscriberCount` ቢጠይቁትም የሚመልሰው ይህንኑ የተቆረጠ ቁጥር ነው። ስለዚህ 1,240,041 ለማንቂያችን 1,240,000 ነው፤ 1,239,978 ደግሞ 1,230,000። እህሉን በሙሉ ኩንታል ብቻ የሚመዘግብ ነጋዴ፣ ልክ ከሞላው ጆንያ አንድ ጣሳ ቢፈስበት መዝገቡ ላይ አንድ ኩንታል ጎደለ ብሎ እንደሚጽፍ ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁን መልሼ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ የሄደው ስልሳ ሦስት ሰው ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። «ዩቲዩብ ራሱ 1.23 ሚሊዮን ይላል እኮ! ዓለም ሁሉ የሚያየውን ነው የምልህ» አሉ። የስቱዲዮውን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው፤ ከዚያም በስልክ አብረን ቀነስነው። ፕሮግራሙ አልቆመም። እኔ ግን የዚያን ቀን ምግቡም ጭፈራውም አልጣመኝም። አንድ የተቆረጠ ቁጥር የሰው እንጀራ ሊያስቆርጥ ነበር፤ ማንቂያውም በዚያው ከቀጠለ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ላይ ይደርሳል።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ማንቂያው የቁጥሩን እርከን እንዲያውቅ ማድረግ ሆነ። አጭር ነገር ናት፦

```python
step = 10 ** max(0, len(str(n)) - 3)
if abs(n - prev) <= step:
    alert = False
```

ሰባት አሃዝ ላለው ቻናል እርከኑ 10,000 ነው፤ ስድስት አሃዝ ላለው 1,000። ከአንድ እርከን ያልበለጠ ለውጥ ከመቁረጡ የመጣ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ ማንም አይጠራም። ይህ የሚያገለግለው ግን የሌሎችን ቻናል ከውጭ ሲመለከቱ ነው። ለራስ ቻናል ከአናሊቲክስ መውሰድ ይሻላል፤ እዚያ በየቀኑ የመጡትና የሄዱት ለየብቻ ተቆጥረው ይገኛሉ። የአናሊቲክሱ ችግር መዘግየቱ ነው፤ የአንድ ቀን ቁጥር ተጣርቶ እስኪወጣ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። ሥራ አስኪያጆች ደግሞ ሁለት ቀን መጠበቅ አይወዱም።

ቁጥሩ ትክክለኛ ከሆነ በኋላም ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ የሄደው ሰው ነው ወይስ ድሮም ሰው ያልነበረ? በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2014 ኢንስታግራም የሐሰት አካውንቶችን ጠራርጎ ሲያወጣ የራሱ የኢንስታግራም ገጽ ብቻ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ተከታይ አጥቷል። በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ደግሞ ትዊተር አጠራጣሪ ብሎ የቆለፋቸውን አካውንቶች ከተከታይ ቁጥር ላይ ሲያነሳ፣ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚቀንስበት አራት ወይም ከዚያ በታች እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ የኩባንያው የራሱ ገጽ ግን ከ7 ሚሊዮን በላይ አጣ። የጽዳት መልኩ ይሄ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ገጾች ላይ ይወርዳል፣ ትልልቆቹን ይበልጥ ይመታል፣ ከዚያ ይቆማል። ቁጥሩ አንድ ደረጃ ወርዶ በማግሥቱ እንደ ወትሮው ማደጉን ይቀጥላል። ቪዲዮ የሚያየው ሰው ብዛትም ንቅንቅ አይልም፤ ቦት ቀድሞም አያይምና።

ስለዚህ የእኛን ቻናል የሚመስሉ ጥቂት ቻናሎች መርጬ አብሬ መከታተል ጀመርኩ። በአንድ ቀን ሁላችንም ከወረድን ጉዳዩ የእኛ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ግን ይህ ዘዴ ደካማ ነው፤ የጎረቤቶቻችንን ቁጥር የምናየው ተቆርጦ ነውና ጥቂት ሺህ የወሰደ ጽዳት እነሱ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። የተሻለው ምስክር አናሊቲክስ ውስጥ፣ ሰብስክራይበር ከየት እንደመጣና እንደሄደ በሚያሳየው ዝርዝር ላይ ያለው `Closed accounts` የሚል መስመር ነው። የተዘጉ አካውንቶች ይዘውት የሄዱት ቁጥር እዚያ ለብቻው ይቀመጣል።

ሦስተኛው የሐሰት ማንቂያ ምክንያት ደግሞ ተራ ስህተት ነው። በእ.ኤ.አ. የካቲት 2019 ኢንስታግራም ላይ የብዙ ሰው ተከታይ በድንገት አሽቆለቆለ፤ ኩባንያውም ችግሩ የራሱ መሆኑን አምኖ አስተካከለው። ስህተት ከጽዳት የሚለየው በመመለሱ ነው። ዜሮ የሚል ወይም ባዶ መልስ ከመጣ ቁጥሩን እንደ ቁጥር አልቀበለውም፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ደግሜ እጠይቃለሁ፣ በሌላ መንገድም አስተያያለሁ። ተደጋግሞ ከጸና ብቻ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፋለሁ።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ የቀረው ለውጥ ትልቅ ነው ወይስ የተለመደ የሚለውን ለመወሰን፣ 5,000 የምትለዋን ቋሚ ድንበር ጣልኳት። በምትኩ ያለፉትን 28 ቀናት የዕለት ለውጥ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ መካከለኛውን እወስዳለሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ቀን ከመካከለኛው ስንት እንደራቀ አሰላና የርቀቶቹንም መካከለኛ እወስዳለሁ። አማካይ የማልወስደው አንድ ቪዲዮ በሰፊው ተሰራጭቶ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ሰው ካመጣ አማካዩን ለወር ያህል ስለሚያበላሸው ነው፤ መካከለኛውን ግን አንድ ቀን አያናውጠውም። የዛሬው ለውጥ ከመካከለኛው የራቀው ከወትሮው ርቀት አምስት እጥፍ ካለፈ ማንቂያው ይደውላል። ያ የስልሳ ሦስት ሰው ቀን በዚህ ሚዛን ሲታይ ከወትሮው ቀን የሚለይ አልነበረም።

ድንገት ሲጨምርም ጥያቄው ያው ነው። እውነተኛ ጭማሪ የሚታይ ምንጭ አለው፤ አንድ ቪዲዮ ተመልካቹ ጨምሮ ሰብስክራይበሩ ከዚያ ቪዲዮ ሥር መጥቶ ይገኛል። ተመልካች ሳይጨምር ሰብስክራይበር ብቻ ከጨመረ ያ ሕዝብ ተገዝቶ የገባ መሆኑን እጠረጥራለሁ፤ ገዢው ደግሞ ሁልጊዜ የቻናሉ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ለማንም እንኳን ደስ አለን አልልም፤ ዩቲዩብ ሲያጸዳ በኋላ መውረዱ ስለማይቀር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ጽዳትና እውነተኛ ለውጥ አብረው የመጡበት ሳምንት ነው። አዲሱ ማንቂያ ደወለ፤ በአናሊቲክሱ የቅዳሜ ዓምድ ላይ 2,900 ሰው ሄዷል። እሑድ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ያቺው አዘጋጅ ሌላ ጠንከር ያለ ቃለ ምልልስ አቅርባ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ እንደገና ጠሩኝ። መጀመሪያ የተዘጉ አካውንቶችን ቀነስኩ፤ 2,100 ነበሩ። የቀሩት 800 ግን በገዛ እጃቸው የሄዱ ሰዎች ናቸው፣ ለእኛ ቻናልም ብዙ ነው።

«እነዚህስ የእሷ አይደሉም?» አሉኝ።

«ቀኑን እንየው፣ ጋሼ።»

የዩቲዩብ አናሊቲክስ ቀኑን የሚቆጥረው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ዓምድ በእኛ አቆጣጠር ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ጠዋት ያለው ነው። እሑድ ማታ የተላለፈ ነገር እዚያ ዓምድ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ታዲያ በዚያ መሀል ምን ነበር? የስርጭት መዝገቡን አወጣን። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉና ሌሊቱንም ቀጥታ ስርጭት በአጭር በአጭሩ እየተከፈተና እየተዘጋ ተላልፏል፤ ሲከፈትም ማሳወቂያውን ያበራ ተከታይ ስልኩ ሊጮህበት ይችላል። በቪዲዮ ተከፋፍሎ ሲታይም ከ800ዎቹ አብዛኞቹ የሄዱት ከእነዚያው የቀጥታ ስርጭቶች ሥር ነው። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ወደ ራሳቸው አዙረው የስርጭቱን ሰዓቶች አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አከበቡና ለቀጥታ ስርጭቱ ክፍል ኃላፊ ደወሉ፦ «ቅዳሜ ሌሊት ስንት ጊዜ ነው የከፈታችሁት? ከአሁን በኋላ አንዴ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ተዉት።»