ጉዳዩ፦ ዝናቡን ከበጀት ዓመቱ ጋር ስለማስታረቅ

ከዘንዘልማ
ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችን

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። የአንድ መማሪያ ክፍላችን ጣራ እንዲጠገን የጻፍናቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ተቀብላችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ መዝገብ ቤት አኑራችኋል። በትምህርት ቤታችን ስም ከተጻፉ ወረቀቶች ሁሉ ደረቅ ሆነው የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

የመልሶቻችሁንም ጥበብ ዘግይቶም ቢሆን ገብቶኛል። ሰኔ ላይ ስንጽፍ «በጀት ተዘግቷል» አላችሁ፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ትክክል ናችሁ። ሐምሌ ላይ «ገና አልተደለደለም»፤ ይህም ትክክል ነው። መስከረም ላይ ምዝገባ ቀደመ። ጥር ላይ ባለሙያችሁ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ሽቅብ ቃኘና «የሚያፈስ ነገር አልታየም» ብሎ ፈረመ። ገንዘብ ሲኖር ዝናብ የለም፤ ዝናብ ሲኖር ገንዘብ የለም። ማን ይወቀሳል?

እንግዳችን ሻይ ሳይጠጣ ስለቸኮለ እንጂ በጥርም ማየት ይቻል ነበር። በርና መስኮቱን ዘግቶ ቀና ማለት ብቻ ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ነው። የእኛዎቹ ነጥቦች ማገሩን ተከትለው ተሰልፈዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዝገት ሳይሆን የምስማር ነው። የጣራ ምስማር ጎማ ተደርጎለት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል። የእኛን ጣራ የመታው ሰው ግን ጎድጓዳውን፣ ማለትም ውሃው የሚሄድበትን መስመር መርጧል፤ ያለ ጎማ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅና ሲኮማተር ይላላል። ውሃው በላላው ቀዳዳ ገብቶ ማገሩን ያበሰብሳል፤ የበሰበሰ ማገር ምስማር አይዝም፤ የቀረውን ንፋስ ይጨርሰዋል። በመጀመሪያው ደብዳቤ የጠየቅነው ጥቂት ማገርና ምስማር፣ የተበሱትንም ቆርቆሮዎች መተካት ነበር። ዛሬ ቢላ ማገሩ ላይ ሲጫኑት እስከ እጀታው ይገባል፤ ስለዚህ የምንጠይቀው የክፍሉን ሙሉ ክዳን ሆኗል። ጥያቄያችን ያደገው በእናንተ እጅ ነውና እንደ ልጃችሁ ተመልከቱት።

የጉዳቱን መጠን በተመለከተ ተማሪዎቻችን ሒሳቡን ሠርተውታል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ክፍሉ ሰባት በስምንት፣ 56 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ያወረደ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለጣና ዳር ክረምት ብርቅ አይደለም፣ ከልጆቹ አናት በላይ 1,120 ሊትር ያፈሳል። ከዚህ ከመቶ አምስቱ ብቻ ቢያልፍ 56 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ለዚህ ትምህርት የመርጃ መሣሪያ እጥረት እንደሌለብን በሪፖርታችሁ ይያዝልን።

ስለ ፕሮፎርማውም ላንሳ። ከሦስት ነጋዴ አምጡ አላችሁ፤ አመጣን። ዋጋው የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ነበር፤ ፋይሉ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እስኪሻገር ጊዜው አለፈና «የቆየ ስለሆነ አዲስ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰ። በአዲሱ ፕሮፎርማ ላይ ቆርቆሮ ተወደደ፤ እሱም «ከግምቱ በላይ ነው» ተብሎ ተመለሰ።

ኅብረተሰቡን አሳትፉም ብላችሁናል። በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» ሲታወጅ ወላጆች ከራሳቸው ማሳ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ግቢያችን ከመሩ፤ ጉልበታቸውንም ሰጡ። የጎደለው ቆርቆሮና ምስማር ነበር። ምስጥ ግን ደብዳቤ ስለማይጠብቅ ክምሩን ቀድሞ ተረከበ።

ኢንስፔክሽኑም መጥቶ ነበር። የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከ80 በመቶ በላይ ከደረጃ በታች መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ስለተናገረ ብቸኝነት አልተሰማንም። ከውጤቱ ሩብ የሚሆነው የግብዓት ነጥብ ነው፤ እዚያ ላይ ጣራው ጣለን። ከዚያ «ጣራችሁን በአስቸኳይ አስተካክሉ» የሚል ግብረ መልስ ደረሰን። ፊርማውን ሳይ የእናንተ ነው።

የምንለምነው አጭር ነው። ገንዘቡ በጥቅምት ይለቀቅ፤ ማገሩ ደርቆ እስከ ግንቦት ይመታ፤ ርክክቡ ደግሞ በሰኔ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲወርድ ይፈጸም። የመንገድ ችግር አይነሳም፤ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቋል። ተቆጣጣሪው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ። ደብተሩ ካልራሰ ይፈርም።

ይህ ከመመሪያ ውጭ ከሆነ ክረምቱ ወደ ጥር እንዲዛወርልን ለሜትሮሎጂ ጻፉልን። ከእኛ ደብዳቤ ይልቅ የእናንተ ማኅተም ያለበት ሳይሰማ አይቀርም።

ከሰላምታ ጋር
ርእሰ መምህሩ

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ
ለመዝገብ ቤታችሁ፣ ከቀደሙት ጋር እንዲያያዝ