ፍቅር ላኩ፣ ምንዛሪውን አትጠይቁ

በዓል ሲቃረብ ከዶሮ ዋጋ ቀድሞ የሚደርሰኝ የገንዘብ ማስተላለፊያ ማስታወቂያ ነው። እንቁጣጣሽ ሊብት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ መንጫጫት ይጀምራል፣ የታክሲው ሬዲዮ ያዜማል፣ አደባባዩ ላይ ያለው ሰሌዳ ልብሱን ይቀይራል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ፍቅር ይላካል፣ ናፍቆት ይደርሳል፣ ርቀት ይጠፋል። ሥዕሉም አንድ ነው፦ ነጭ በነጭ የለበሱ እናት፣ ጀበና፣ ስልክ፣ ጥርስ። ላኪዋ ብዙ ጊዜ አትታይም። ከታየችም መስኮት አጠገብ ቆማ ፈገግ ትላለች እንጂ የሰው ቤት ወለል ስትወለውል አትታይም።

ድሮ ትከሻዬን ነቅንቄ አልፈው ነበር። አሁን ግን የዚህ ንግድ መፈክር ጸሐፊዎች ላይ ቅናት አድሮብኛል። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ሸቀጡን ሳይጠሩ መሸጥ! የጤፍ ነጋዴ «ኩንታሉን ተወው፣ የእናትህን እንጀራ አስብ» ቢለኝ ተራግሜ ነበር የምሄደው፤ እነሱ ግን ብር መንዝረው እየሸጡ ስለ ምንዛሪ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ በዓሉን ይሻገራሉ። ስለዚህ እኔም እንደ አገር ልጅ የበኩሌን መፈክር ላዋጣ ተነሣሁ።

ማዋጣት ከመጀመሬ በፊት ግን ካሉት ውስጥ ልቤን የወሰደውን ላወድስ። «ርቀት ጠፋ» የሚለውን ማለቴ ነው። ይህ ዝም ብሎ መፈክር አይደለም፣ ሕግ ነው፤ ሕግ ከሆነ ደግሞ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ርቀት ከጠፋ ጂዳ ያለችው ልጅ እዚሁ አለች ማለት ነው። እዚሁ ካለች የዚሁ ግዴታ አለባት። የሰፈራችን እድር ደንቡን ለማሻሻል ምን ይጠብቃል? እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ያልተገኘ አባል ይቀጣል፤ ከእንግዲህ ግን ገንዘብ የላከ ሁሉ እንደ ተገኘ ይቆጠር። ጸሐፊው ስም ሲጠሩ እናት ስልካቸውን ከፍ አድርገው የገባውን መልእክት ያሳያሉ፣ ጸሐፊውም መነጽራቸውን አስተካክለው የግብይት ቁጥሩን በመዝገብ ያሰፍራሉ፣ «አለች» ይባላል።

ክርክር መነሣቱ አይቀርም። አምስት ሺህ ብር የላከች ልጅ ስንት ቀን እንደ ተቀመጠች ይያዝላት? የእድሩ ዳኛ «ሰልስቱን ጨምሮ ነው» ይላሉ፤ ገንዘብ ያዡ ደግሞ «በአምስት ሺህ የቀብሩ ቀን ብቻ ነው የሚሸፈነው፣ ለሰልስቱ ትጨምር» ብለው ድርቅ ይላሉ። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል፦ እስከ ሁለት ሺህ ብር የላከ ድንኳን በር ላይ ቆሞ እንደ ተመለሰ፣ እስከ አምስት ሺህ የላከ ገብቶ ንፍሮ እንደ ቀመሰ፣ ከዚያ በላይ የላከ ሌሊቱን አብሮ እንዳደረ ይቆጠራል። አስከሬን መሸከምስ? እሱም መፍትሔ አለው፤ ስልኩ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ከቃሬዛው እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፣ «ትከሻዋን ሰጠች» ተብሎ ይመሰገናል። አስለቃሿም ከዘመኑ ጋር መራመድ አለባት፦

መልእክትሽ ገባና ስልኩ ተንጫረረ፣
ያንቺ ቁጥር ብቻ ከለቅሶው አደረ።

ድንገት ሲስተም የጠፋ ቀን ግን ጉድ ነው። ልጅቱ ሪያድ ላይ ከፍላለች፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው፣ እድሩ ስም እየጠራ ነው። «ቀሪ!» ይባልና በእናቷ ላይ ቅጣት ይጻፋል። በማግስቱ መልእክቱ ሲደርስ ዳኛው «አርፍዶ የመጣ ለቀስተኛ» የሚለውን አንቀጽ ይጠቅሱና ቅጣቱን በግማሽ ይቀንሱላቸዋል። ይግባኝ ያለው በጥሪ ማዕከሉ በኩል ያቅርብ።

ለሠርግ ደግሞ መልእክቱ ሚዜ ይቁም። ለክርስትና አበልጅ ይሁን።

እዚህ ላይ ሳቄ ተቋረጠ። ሳውዲ የምትሠራ የቤት ሠራተኛ አባቷ ሲሞት የማትመጣው ስላልፈለገች አይደለም። ለመውጣትና ለመመለስ የሚያስፈልጋት ቪዛ የሚወጣው በአሠሪዋ በኩል ስለሆነ ነው። ርቀቱ አልጠፋም። ይህን ለሚያውቅ ቤተሰብ «ርቀት ጠፋ» ብሎ መዘመር ድፍረት ነው።

ወደ መዋጮዬ ልመለስ። የመጀመሪያው ሐሳቤ እነሱ በጣም የሚወዱትን «ያለ ምንም ክፍያ!» የሚለውን በጥቂቱ ማሻሻል ነው፦ «ያለ ምንም ክፍያ፣ በሚታይ በኩል!» ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

የሳውዲ ሪያል ከዶላር ጋር ከታሰረ ብዙ ዓመቱ ነው፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው። ስለዚህ 750 ሪያል 200 ዶላር ይሆናል። እንበልና የዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ለአንድ ዶላር 150 ብር ነው፤ ለሒሳቡ እንዲመች የያዝኩት ቁጥር ነው። በዚህ ምንዛሪ አንድ ሪያል 40 ብር ነው፣ 750ውም ሪያል 30,000 ብር። እህታችን ሁለት መተግበሪያ ከፈተች። አንደኛው በደማቅ ቀለም «ክፍያ ዜሮ» ይላል፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የራሱን ምንዛሪ አስቀምጧል፦ ለአንድ ሪያል 38 ብር ከ40። ሁለተኛው ያለ ምንም ዘፈን 15 ሪያል እቆርጣለሁ ይላል፣ ምንዛሪው ግን ያው የባንኩ 40 ነው። የቷን ትመርጣለች? ዜሮዋን ነዋ! ማን ነው 15 ሪያል የሚጥለው?

በዜሮዋ 750 በ38.40 ተባዝቶ እናት ዘንድ 28,800 ብር ይደርሳል። በ15 ሪያሉ ግን ቀሪው 735 ሪያል በ40 ሲባዛ 29,400 ብር ነው። «ነጻው» ከሚያስከፍለው በ600 ብር ይበልጥ ውድ ነው። ከ30,000ው ደግሞ 1,200 ብር፣ ከመቶው አራት፣ ማንም «ክፍያ» ብሎ ሳይጠራው ተበልቷል። በየወሩ ብትልክ በዓመት 14,400 ብር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በእጅ የወሰደ ሰው ሌባ ይባል ነበር፤ በምንዛሪ የወሰደ ግን በዓሉን ስፖንሰር ያደርጋል።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም። የዓለም ባንክ ገንዘብ ከአገር ወደ አገር ለመላክ የሚወጣውን ወጪ ሲለካ የሚቆረጠውን ክፍያና በምንዛሪው ውስጥ የተሸሸገውን ልዩነት አንድ ላይ ደምሮ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ይህ ወጪ በ2030 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይላሉ። እኔ ከላይ የሠራሁት ምሳሌ ከዚያ መስመር በላይ ነው፤ ማስታወቂያው ግን ዜሮ ነው የሚለው።

ብልሃቱ የት ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ማስታወቂያው የሚነገረው እዚህ ላሉት እናት ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እዚያ ያለችው ልጅ ናት። እናት የሚያዩት መጨረሻ ላይ የገባውን ብር ብቻ ነው። ልጅቱ ስንት ሪያል እንደሰጠች፣ በስንት እንደተመነዘረ የሚነግራቸው የለም። 28,800 ሲገባ «ተመስገን» ይላሉ። ከስንት እንደተነሣ ሳያውቁ ስንት እንደጎደለ እንዴት ይወቁ? ጎድሎ ቢሰማቸው እንኳ ልጃቸውን ይጠረጥራሉ እንጂ ዘፋኙን አይጠረጥሩም። «ዘንድሮስ እጇ አጠረ» ይባላል በቡና ላይ። እጇ አላጠረም፤ መንገድ ላይ ተሸራርፎ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው መፈክሬ ለእናቶች ነው፦ «እማዬ፣ አትጠይቂ!» ልብ የሚነካ፣ አጭር፣ ለዜማ የሚመች። ሦስተኛው ብሩ ስልኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ላለው ጉዞ ይሁን፦ «ደረሰ! (ወጪ ማድረግ ለየብቻ ይከፈላል፣ ወኪሉ ዘንድ ጥሬ ገንዘብ ካለ።)»

እናቶቻችን ምንዛሪ አይገባቸውም የሚል ካለ ግን እኛ ሰፈር መጥቶ ያዳምጥ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት የሚገዙ እናቶች ሁሉ የዶላርን ዋጋ ከጉሊት ሴቶች አፍ ይሰማሉ። ከዚያም በፊት የባንኩና የውጭው ዋጋ በሰፊው በተራራቀበት ዘመን ልጆቻቸው በሻንጣ ተሸካሚ ሲልኩ ልዩነቱን በሳንቲም ያውቁት ነበር። ቁጥር የማይችለው ሕዝቡ አይደለም፤ ቁጥር የማይነግረው ማስታወቂያው ነው።

ማረጋገጡም የሚከብድ ነገር የለውም። ልጅቱ ከመላኳ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሥታ ለእናቷ ትላክ። ከኪሷ የወጣውን ጠቅላላ ሪያል፣ ክፍያውንም ጨምሮ፣ ያዙ፤ እናት እጅ የሚገባውን ብር በዚያ አካፍሉ። የወጣውን ቁጥር በዚያው ቀን ባንኩ ለጠፈው የሪያል ዋጋ አጠገብ አስቀምጡት። ልዩነቱ ነው እውነተኛው ክፍያ፤ ዜሮ ቢጻፍበትም ባይጻፍበትም። በእኔ ምሳሌ 28,800 ለ750 ሲካፈል 38.40 ይመጣል፣ 29,400 ለ750 ሲካፈል 39.20። ስልኩ ውስጥ ሒሳብ ማሽን አለ፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ የመጨረሻውን፣ ያለ ሽሙጥ የማዋጣውን መፈክር ልበል። ሰሌዳው ላይ ከእናትየዋ ጥርስ በላይ፣ ከጀበናው በላይ፣ በደማቁ ፊደል እንዲህ ይጻፍ፦ «ዛሬ ከሪያድ 750 ሪያል ብትልኩ እናታችሁ እጅ 29,400 ብር ይገባል።» ቁጥሩ በየቀኑ ይቀየር፤ ሰሌዳው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ ለኮካ ማስታወቂያ በየደቂቃው ሲቀያየር አይቻለሁ።

ይሄ አይዘፈንም ይሉኛል። አይዘፈን።